የወቅት መጠጥን ወይም ምግብን በሜኑ ካርድ ላይ በአንድ መስመር መሰየምና መግለጽ፦ በክረምቱ በለስ የተሠራ ምሳሌ

ብዙ ካፌዎች ክረምት ሲገባ ጠረጴዛ ላይ የሚያቆሙት ካርድ እንዲህ ይላል፦

«ልዩ ወቅታዊ ትኩስ የበለስ ጁስ በማርና በሎሚ የታጀበ፣ ለተወሰነ ጊዜ ብቻ»

አስተናጋጁ ካርዱን ባቆመ በመጀመሪያው ሰዓት አራት ጥያቄ ይጠየቃል። ሙቅ ነው? እንደ አቮካዶው ወፍራም ነው? ዘሩ አለበት? እስከ መቼ ነው ያላችሁ? መስመሩ 11 ቃል ፈጅቶ ከአራቱ አንዱንም አልመለሰም። በዚህ መመሪያ መጨረሻ የምንደርስበት መስመርም 11 ቃል ነው። ችግሩ የቃል ብዛት ሳይሆን የትኞቹ ቃላት ቦታ እንደያዙ ነው።

ዝግጅት፦ ብዕር ከማንሳት በፊት

ካርድ ጻፊው መጠጡን ሳይቀምስ፣ ሲሠራም ሳያይ ከጻፈ ሁሉም ደረጃ ይበላሻል። ስለዚህ መጀመሪያ ጁስ ከሚሠራው ሰው አጠገብ ቁሙና ሲሠራ አንድ ወረቀት ላይ እነዚህን መዝግቡ።

1. በአንድ ብርጭቆ ውስጥ የሚገባውን ሁሉ ከነመጠኑ። ለምሳሌያችን፦ 5 በለስ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ማር፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ፣ በረዶ። ስኳር የለም። «ትንሽ ስኳር ጣል እናደርጋለን» ካለ እሱም ይመዝገብ። «በማር» የሚል ስም ያየ ደንበኛ ስኳር የለውም ብሎ ነው የሚያዝዘው፤ ከደንበኞቹ መካከል ደግሞ ስኳር የሚከለክለው ሰው አይጠፋም።

2. በፍሬው ላይ የተደረገውን። ተላጠ፣ ተመታ፣ በወንፊት ተጣራ። የበለስ ዘር ጠንካራና ብዙ ነው፤ ከነዘሩ በብዛት ሲበላ ሆድ እንደሚያደርቅ የሚያውቅ ሁሉ ስለ ዘሩ ይጠይቃል። ስለዚህ መጣራቱ ከወረቀቱ ወደ ካርዱ የሚሻገር እውነት ነው። መላጡ ግን አይሻገርም፤ ከነእሾሁ ያቀርባሉ ብሎ የሚፈራ የለም።

3. ሲቀርብ የሚታየውን። ቀጭን ነው ወይስ ወፍራም? ቀዝቃዛ ነው ወይስ ሙቅ? በብርጭቆ ነው ወይስ በሳህን?

4. ፍሬውን የሚያመጣው ሰው እስከ መቼ እንደሚያመጣ። በለስ ወደ አዲስ አበባ በብዛት የሚገባው በክረምት ነው፤ መስከረም እየገፋ ሲሄድ እየሳሳ ይመጣል። አቅራቢውን «መቼ ያልቃል?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ «ገና ነው» ይላችኋል። «በሳምንት ሁለት ሣጥን ያለማቋረጥ እስከ የትኛው ሳምንት ታደርስልኛለህ?» በሉት።

መጠጡን በሦስት የተለያዩ ቀናት አሠርታችሁ ቅመሱ። አንዱ ቀን ፍሬው ትልቅ፣ ሌላው ቀን ትንሽ ይሆናል። በሦስቱም ቀን ያልተለወጠው ነገር ብቻ ነው ካርድ ላይ የሚወጣው።

ደረጃ 1፦ የዕቃውን ዓይነት በትክክል ጥሩ

ስም ከማውጣታችሁ በፊት የመጠጡን ዓይነት የሚናገረውን ቃል ምረጡ፤ ደንበኛው የሚጠብቀውን የሚወስነው እሱ ነው።

«ጁስ» በአዲስ አበባ ጁስ ቤቶች ወፍራም፣ አንዳንዴም በማንኪያ የሚበላ ነገር ነው። አቮካዶ፣ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ሲደራረብ ደግሞ ስፕሪስ። የተጣራ በለስ ግን ቀጭን ነው። «የበለስ ጁስ» ብሎ ያዘዘ ሰው ቀጭኑን ሲያይ ውኃ የተጨመረበት ይመስለዋል፤ መጠጡ ምንም ሳይጎድለው ይመለሳል። ለቀጭንና ለተጣራ መጠጥ «ጭማቂ» በሉ።

ማሩ በውኃ ተበጥብጦ በለሱ የሚጨመርበት ከሆነ «ብርዝ» ማለት ይቻላል፤ ቃሉም ያምራል። ግን ብርዝን ከጠጅ ጋር የሚያያይዙ ደንበኞች ስላሉ «አልኮል አለው ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ትጠራላችሁ። ያንን ለመመለስ ሌላ ሁለት ቃል ያስፈልጋል። በምሳሌያችን ውኃ ስለሌለ ብርዝ አይደለም፤ ይለፍ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። «በለስ» በመጽሐፍ ቅዱስ አማርኛ ሌላ ዛፍ ነው፤ ደርቆ በፓኬት የሚሸጠውንም ፍሬ በለስ የሚሉት አሉ። አዲስ አበባ ውስጥ በክረምት ካርድ ላይ ማንም አይሳሳትም። ካርዱ ውጭ አገር ባለ ሐበሻ ምግብ ቤት የሚቆም ከሆነ ግን «የቁልቋል በለስ» ብላችሁ ለዩት። እስራኤል ውስጥ ከሆነ ሰዉ «ሳብረስ» የሚለውን ከገበያው ስለሚያውቀው እሱን መጠቀም ይቀላል።

ደረጃ 2፦ ስሙን አውጡ

አማርኛ ለምግብ ስም የራሱ ቅርጽ አለው፤ ሰዉም በየቀኑ ይለዋል፦ ሻይ በሎሚ፣ ፉል በእንቁላል፣ ፓስታ በአትክልት። አንድ ዋና ነገር፣ «በ»፣ ከዚያ አንድ አጃቢ። አዲስ ስም ስታወጡ በዚህ ቅርጽ ጀምሩ። ከምሳሌያችን ሦስት ስም ይወጣል፦ በለስ በማር፣ በለስ በሎሚ፣ በለስ በማርና በሎሚ። ሦስተኛው ለስም ይረዝማል። ከቀሩት ሁለት የትኛው ይሻላል የሚለውን ምላስ ይወስን። ሲቀመስ ቀድሞ የሚመጣው ማሩ ነው፤ ሎሚው ኋላ ነው የሚሰማው። ስለዚህ ስሙ «በለስ በማር» ይሆናል፤ ሎሚው ወደ መግለጫው ይወርዳል።

ስሙን በትእዛዝ ፈትኑት። ጫጫታ ባለበት ክፍል ከአንድ ጥግ ወደ ሌላው «አንድ በለስ በማር፣ ሁለት ማኪያቶ!» ብላችሁ ተጣሩ። ወዲያኛው ያለው ሰው «ምን አላችሁ?» ብሎ ካላስደገማችሁ ስሙ አልፏል።

በዚህ ፈተና የሚወድቁት በብዛት ቅኔ የተቃጣባቸው ስሞች ናቸው። ለበለስ መጠጥ መጀመሪያ ለሁሉም ሰው የሚመጣለት «በለስ ቀናን» ነው። ካርድ ላይ ሲያዩት ፈገግ ያሰኛል። ግን «አንድ በለስ ቀናን» ተብሎ አይታዘዝም፤ ሰው ያፍራል፤ በመጨረሻ ካርዱን በጣቱ እየጠቆመ «ይቺን» ይላል። ቅኔው ካልለቀቃችሁ ከመስመሩ በላይ በርእስ መልክ አኑሩትና ስሙን «በለስ በማር» አድርጉት።

ከስም ውስጥ የሚወጡ ቃላት፦

«ስፔሻል»። ይህ ቃል በእኛ ሜኑ ጌጥ አይደለም። ስፔሻል ፉል ወይም ስፔሻል ሽሮ ያለ ሰው ተጨማሪ ነገር የገባበት፣ ዋጋውም ከፍ ያለ ዓይነት ነው የሚጠብቀው። «ስፔሻል በለስ» ካላችሁ «ተራው በስንት ነው?» ተብላችሁ ትጠየቃላችሁ።

«ወቅታዊ»። ሰው ይህን ቃል የሚያውቀው ከዜና ነው፤ ወቅታዊ ጉዳይ፣ ወቅታዊ መግለጫ። ለፍሬ «የክረምት» ወይም «የሰሞኑ» ይሻላል፤ ቀኑ ከተጻፈ ግን እሱም አያስፈልግም።

የአገር ስም። «የአዲግራት በለስ» ጥሩ ስም ነው፤ ግን ሣጥኑ ሁሉ ከአዲግራት ለመምጣቱ እርግጠኛ ካልሆናችሁ አትጻፉት። አቅራቢው በመሃል ሌላ ቦታ ካገኘ ካርዱ ውሸት ይሆናል፤ የአካባቢውን በለስ የሚያውቅ ደንበኛ ደግሞ ቀምሶ ይለየዋል።

ሌላው ወጥመድ ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አለማሳየቱ ነው። «ገና» ጠብቆ ሲነበብ በዓል ነው፤ ላልቶ ሲነበብ «ገና አልደረሰም» ነው። ካርዱ ላይ «ገና ሻይ» ካላችሁ ሻዩ አልፈላም ማለት ይመስላል። «የገና ሻይ» ስትሉ ይስተካከላል። ስሙን ታሪኩን ለማያውቅ ሰው ሰጥታችሁ ጮክ ብሎ እንዲያነበው አድርጉ፤ ከተሳሳተ ሌሎችም ይሳሳታሉ።

ደረጃ 3፦ መግለጫውን ጻፉ

አማርኛ ገላጩን አስቀድሞ ዋናውን መጨረሻ ያመጣል። ለካርድ ይህ ፈተና ነው። «በማር የጣፈጠ፣ በሎሚ የታጀበ፣ ዘሩ የተጣራ፣ ቀዝቃዛ የበለስ ጭማቂ» የሚለውን የሚያነብ ሰው ስለምን እንደሚወራ የሚያውቀው መጨረሻ ላይ ነው። ቆሞ ሜኑ የሚያገላብጥ ሰው እስከዚያ አይጠብቅም። መፍትሔው ስሙን አስቀድሞ ሁለት ነጥብ ከሰረዝ (፦) ማድረግ፣ መግለጫውን ከኋላ ማስከተል ነው። ዋናው ነገር በስሙ ስለተነገረ መግለጫው እንደ አማርኛ ወጉ ገላጮቹን ማስቀደም ይችላል።

አሁን ከዝግጅት ወረቀታችሁ ላይ እውነቶቹን አንሡና እያንዳንዱን አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ ይህን ባልጽፍ ደንበኛው አስተናጋጁን ይጠይቀዋል? ወይስ ሲቀርብለት ይደነግጣል? ለሁለቱም መልሱ «አይ» ከሆነ ሰርዙ። በምሳሌያችን የሚሆነው ይህ ነው።

ዘሩ የተጣራ መሆኑ ይጠየቃል፤ ይቆያል። ቀዝቃዛነቱ ይጠየቃል፤ በክረምት ዝናብ የተመታ ሰው ሙቅ ነገር ነው የሚፈልገው፤ ይቆያል። ጭማቂ መሆኑ ግዴታ ነው፤ «በለስ በማር» ብቻ ከተባለ ተቆራርጦ ማር የፈሰሰበት ፍሬም ሊሆን ይችላል። ሎሚ መኖሩ ጣዕሙን ስለሚለውጥ ይቆያል። በረዶው በ«ቀዝቃዛ» ውስጥ ስላለ ይወጣል። በወንፊት መሆኑ ማንንም አያገባም።

«ከ5 በለስ የተጨመቀ» የሚለው ትንሽ ያከራክራል። ቁጥር ካርድ ላይ ጥሩ ይሸጣል፤ ደንበኛው መንገድ ላይ በለስ በስንት እንደሚሸጥ ስለሚያውቅ ዋጋውንም ያስረዳለታል። ነገር ግን ቁጥር ቃል ኪዳን ነው። ወቅቱ ሲገባደድ ፍሬው እያነሰ ይመጣል፤ ብርጭቆውን ለመሙላት 7 ያስፈልጋል፤ ወይም በ5 ጸንታችሁ ብርጭቆውን ታጎድላላችሁ። መጠኑን በሚዛን የምትሠሩ ከሆነ ቁጥሩን ጣሉት። በፍሬ ቆጠራ የምትሠሩና ብርጭቆ መጉደሉ የማያሳስባችሁ ከሆነ አቆዩት። እኛ እንጥለዋለን።

የተረፈውን ስንሰካ፦

«ዘሩ የተጣራ ቀዝቃዛ ጭማቂ ከሎሚ ጋር»

ስትሰኩ ሦስት ነገር ተጠንቀቁ።

የመጀመሪያው «ትኩስ» ነው። አዲስ የተሠራ ለማለት ትጽፉታላችሁ፤ ደንበኛው ሙቅ ብሎ ያነበዋል። ሜኑው ላይ «ትኩስ ነገሮች» በሚለው ርእስ ሥር ሻይና ቡና ተደርድረው እያለ እሱን መውቀስ አይቻልም። አዲስነቱን መናገር ግድ ከሆነ «ሲታዘዝ የሚጨመቅ» በሉ፤ ያም እውነት ከሆነ ብቻ። ጠዋት ተጨምቆ ፍሪጅ ከገባ አትበሉ።

ሁለተኛው የ«የ» ሰልፍ ነው። «የክረምት የበለስ የማር የሎሚ ጭማቂ» የሚል መስመር ምላስ ያደናቅፋል፤ የቱ የቱን እንደሚገልጽም አይለይም። በአንድ መስመር ከሁለት «የ» በላይ ካያችሁ አንዱን በ«በ» ወይም በ«ከ…ጋር» ተኩት።

ሦስተኛው ምላስ ላይ የማያርፉ ቃላት ናቸው፦ «የታጀበ»፣ «ጣፋጭ»፣ «ተወዳጅ»፣ «ልዩ»። አንዱን ሸፍናችሁ መስመሩን ደግማችሁ አንብቡ። ደንበኛው የሚያገኘው መረጃ ካልቀነሰ ቃሉ ይውጣ። በምትኩ የሚሠሩት በእጅ የተደረገውን የሚናገሩት ናቸው፦ የተጨመቀ፣ የተጣራ፣ የተቆላ፣ በከሰል የተጠበሰ።

ደረጃ 4፦ የጊዜ ገደቡን አስገቡ

«ለተወሰነ ጊዜ ብቻ» ሦስት ቃል ወስዶ ምንም አይናገርም። በምትኩ ገደባችሁ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ለዩ።

ገደቡ ቀን ከሆነ «እስከ መስከረም 5» በሉ። አቅራቢው ያላችሁን የመጨረሻ ሳምንት ይዛችሁ አንድ ሳምንት ቀንሱ፤ ፍሬው ከካርዱ ቢቆይ ጥሩ ነው፣ ካርዱ ከፍሬው ቢቆይ ግን ጭቅጭቅ ነው።

ገደቡ የቀን ምርት ከሆነ «በቀን 30 ብርጭቆ» በሉ። ይህ የሚያስፈልገው በእርግጥም 30 ላይ የምታቆሙ ከሆነ ነው። 31ኛውን ከሸጣችሁ ቀጥሎ የሚመጣው ደንበኛ ቁጥሩን አያምንም።

ገደቡ ጾም ወይም በዓል ከሆነ የጾሙን ስም ጥሩ። «በፍልሰታ» ማለት ከነሐሴ 1 እስከ 15 ማለት ስለሆነ ቀን መጻፍ አያስፈልግም። በነገራችን ላይ ፍልሰታ የሚውለው በበለስ ወቅት ውስጥ ነው። መጠጡ ውስጥ ወተት ወይም እርጎ ካለ ቃሉ መስመሩ ላይ በግልጽ መታየት አለበት፤ ጿሚው ቀምሶ ካወቀ በኋላ ይቅርታ አይበቃም። ረቡዕና ዓርብም እንደዚያው ነው።

ቀን ስትጽፉ ወር መጨረሻን በቁጥር ጻፉ። «እስከ ነሐሴ መጨረሻ» ያለ ካርድ ጳጉሜን ይጨምር አይጨምር አስተናጋጁም አያውቅም። ጳጉሜ 5 ቀን፣ በየ4 ዓመቱ ደግሞ 6 ቀን ናት፤ ለካርድ ጊዜ አንድ ሳምንት ትልቅ ነው። የውጭ ዜጋ የሚበዛበት ቤት ከሆነ በሌላኛው ቋንቋ በተጻፈው መስመር ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር አስሉት። መስከረም 5 አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 15 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜ 6 በሆነችበት ዓመት ማግስት ግን 16 ይሆናል። ሰዓትም ካለበት «ከጠዋቱ 4 ሰዓት» ብላችሁ ጠዋትነቱን አትተዉ።

ውጭ አገር ላላችሁ ደግሞ፦ «የክረምት» የሚለውን ቃል ተዉት። አገር ቤት ክረምት ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ዋሽንግተን ያደገ ልጅ ግን ክረምት ሲባል በረዶውን ነው የሚያስበው። የወር ስም ጻፉ።

መስመራችን አሁን ሞላ፦

«በለስ በማር፦ ዘሩ የተጣራ ቀዝቃዛ ጭማቂ ከሎሚ ጋር፤ እስከ መስከረም 5»

ደረጃ 5፦ ዋጋውን ከመስመሩ ለዩት

ዋጋ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ አይግባ፤ በቀኝ ጠርዝ ብቻውን ይቁም። ከ«መስከረም 5» ቀጥሎ «180 ብር» ከመጣ ሁለቱ ቁጥሮች ይጋጫሉ፤ በችኮላ ሲነበብ «5180» የሚመስልበት ካርድ አይጠፋም።

ቫት የምትሰበስቡ ከሆነ የተጻፈው ዋጋ የመጨረሻው ይሁን። 180 ብር ከቫት ውጪ ከሆነ ደንበኛው የሚከፍለው 207 ብር ነው፤ 207 ብላችሁ ጻፉ። ዋናው ሜኑ በሙሉ «ከቫት ውጪ» ከሆነ ግን ይህችን ካርድ ብቻ አትለዩ፤ ካርዷ ላይም ያንኑ ጻፉ።

ደረጃ 6፦ በእውነተኛው ልክ አትሙት

መስመራችን ክፍተትና ምልክት ጨምሮ 45 ቦታ ይፈጃል። በአንድ ረድፍ ይገባ እንደሆነ ስክሪን ላይ አይታወቅም። በሚታተምበት ወረቀትና በሚታተምበት የፊደል መጠን አንድ አትሙ፤ ጠረጴዛ ላይ አቁሙትና ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ አንብቡ። ካልገባ ፊደሉን ከማሳነሳችሁ በፊት ካርዱን በወርዱ አዙሩት። አሁንም ካልገባ ስሙን በአንድ ረድፍ በደማቁ፣ መግለጫውን በቀጣዩ ረድፍ አድርጉ። ረድፉ በማንኛውም ቦታ እንዲሰበር አትተዉት፤ «እስከ መስከረም» እዚህ ቀርቶ «5» ብቻዋን ታች ከወረደች ሰው ዋጋ ወይም ብዛት ያደርጋታል።

ለአታሚ ስትልኩ በPDF ላኩ። በአሮጌዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደል ትርምስ ይሆናል፤ አታሚው ደግሞ እንደገና በራሱ እጅ ይተይበዋል፤ «የተጣራ» «የተጠራ» ሆኖ የሚወጣው እንዲህ ነው። የመጀመሪያውን ቅጂ ጣት እያስኬዳችሁ ፊደል በፊደል አንብቡ። «ጾም»ን በጸሎቱ «ጸ» ጽፋችሁ ዋናው ሜኑ ላይ በፀሐዩ «ፀ» ከሆነ አንዱን ምረጡና ሁለቱም ላይ አንድ አድርጉት።

ደረጃ 7፦ ከማቆማችሁ በፊት ሦስት ሰው ላይ ሞክሩ

ካርዱን መጠጡን ላላየ ሰው አሳዩ። ከ5 ሰኮንድ በኋላ ገልብጡትና «ምን ትጠብቃለህ?» በሉት። «ቀዝቃዛ፣ ቀጭን፣ በለስ፣ ትንሽ ሎሚ» ካለ አልፏል። «ወፍራም» ወይም «ሙቅ» ካለ ወደ ደረጃ 1 ወይም 3 ተመለሱ። ከዚያ ለአስተናጋጅ ስጡትና «የምን ጥያቄ ትጠየቂያለሽ?» በሏት፤ ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። በመጨረሻ ለካሸሩ፦ ደረሰኙ ላይ የሚወጣው ስም ከካርዱ ጋር አንድ ይሁን። ካርዱ «በለስ በማር»፣ ደረሰኙ «ጁስ ሌላ» ካለ ያላዘዝኩት ተጻፈብኝ የሚል ይመጣል።

ስሙ ራሱ ሲያሳስት፦ የሽምብራ ዓሣ

አንዳንዴ ስም ማውጣት አይቻልም፤ ምግቡ ከነስሙ ነው የመጣው። የሽምብራ ዓሣ በጾም የሚሠራ፣ የሽምብራ ዱቄት ተቦክቶ በዓሣ ቅርጽ ተቆርጦ የሚጠበስ፣ ከዚያ ወጥ ውስጥ የሚገባ ነው። ዓሣ የለበትም። ስሙን የሚያውቅ ይስቃል፤ የማያውቅ ወጣት ወይም የውጭ እንግዳ ግን ዓሣ አዝዞ ዱቄት ይቀርብለታል። ዓሣ በጾም የማይበላው ደግሞ ስሙን አይቶ ያልፈዋል፤ ያ የሚጠፋ ሽያጭ ነው።

እዚህ ስሙን አትለውጡ፤ መግለጫው መጀመሪያ ስሙን ያርም፦

«የሽምብራ ዓሣ፦ ከሽምብራ ዱቄት ብቻ፣ በዓሣ ቅርጽ ተጠብሶ በቀይ ወጥ፤ በፍልሰታ»

«ብቻ» የምትለዋ ቃል ናት ሥራውን የምትሠራው። «ዓሣ የሌለበት» ብላችሁ አትጻፉ፤ በአንድ መስመር ዓሣ ሦስት ጊዜ ከተነሣ አንባቢው የሚይዘው ዓሣን ነው።

ሲበላሽ ምን ይደረጋል?

*ፍሬው ከቀኑ ቀድሞ አለቀ።* ካርዱን በዚያው ሰዓት አንሡ። «አልቋል» የሚል ወረቀት አትለጥፉበት፤ የሌለ ነገር እያስታወቃችሁ ነው። ከዝናብ ወይም ከመንገድ የተነሣ ሁለትና ሦስት ቀን ብቻ የሚቋረጥ ከሆነም አንሡና ሲመጣ መልሱ።

*አሠራሩ ተለወጠ።* ማር ተወዶ ግማሹ በስኳር ከተተካ ስሙም ወድቋል። «በለስ በሎሚ» ብላችሁ ካርዱን እንደገና አትሙ፤ መግለጫውንም «ዘሩ የተጣራ ቀዝቃዛ ጭማቂ፣ ማርና ስኳር ያለበት» አድርጉት። በእስክሪብቶ አትሰርዙ፤ የተሰረዘ ማር ሁሉንም ነገር ያስጠረጥራል።

*ሰዉ ስሙን በሌላ እየጠራው ነው።* በሳምንቱ ደንበኞች «የበለሷን» እያሉ ካዘዙ ተዉአቸው፤ አስተናጋጁም እንዲያ ይበል። ካርዱ መለወጥ ያለበት ሰዉ የሚጠራበት ስም ሌላ መጠጥ ወይም ምግብ ካለው ብቻ ነው።

*እየተጠየቀ ያለው ጥያቄ አልቆመም።* አስተናጋጆቹ ለሦስት ቀን ጥያቄዎቹን በወረቀት ጀርባ ላይ እየሰረዙ ይቁጠሩ። አንድ ዓይነት ጥያቄ በቀን ከአምስት ጊዜ በላይ ከመጣ መልሱ መስመሩ ላይ የለም፣ ወይም ቦታው ተሳስቷል። አዲስ ቃል ከማስገባታችሁ በፊት የሚወጣውን ፈልጉ። ለምሳሌ «ስኳር አለው?» ከበዛ «ከሎሚ ጋር» ወጥቶ «ያለ ስኳር» ይገባል፤ መስመሩ ከ11 ቃል አያልፍም፤ ሎሚውን ደግሞ ደንበኛው ራሱ ይደርስበታል።